«ሌላ ምንም አትይ» የሚሉ አሰልጣኞች

ደጋን ላይ አንድ ወጣት የፎሬክስ ስልጠና ደብተሩን አሳየኝ። ስልጠናውን የወሰደው ኮምቦልቻ ነው፤ ክፍያውንም ቤተሰቡ ነው የሸፈነለት። በአንዱ ገጽ ላይ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ሁለት ካንድሎች ተስለዋል፤ አንድ ትንሽ ቀይ፣ ከጎኑም እሱን ሙሉ በሙሉ የዋጠ ትልቅ አረንጓዴ። ቀጥሎ አካሉ መስመር ያህል የቀጠነ ዶጂ አለ። ከሥዕሎቹ ሥር አሰልጣኙ ያስጻፈው ዐረፍተ ነገር ይነበባል፦ «ኪይ ሌቭል ላይ ኢንገልፊንግ ወይም ዶጂ ካየህ ሌላ ምንም አትይ፤ ግባ።» «ሌላ ምንም አትይ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ይህን የምጽፈው በዚያች በተሰመረባት ሐረግ ተናድጄ ነው። አሰልጣኙ ስለ ስፕሬድ ቢሳሳት ወይም ስለ ሎት አሰላል ቢዘነጋ ኖሮ ዝም ባልኩ። ልጁን ያዘዘው ግን እንዳያይ ነው። ገና ለገበያ አዲስ የሆነን፣ ከመቶ ዶላር ያልበለጠ ገንዘብ በስልኩ የያዘን ልጅ፣ ከሁለት ካንድል ውጭ ያለውን ሁሉ እንዲጨፍን ማስተማር ጥፋት ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ይኸው ትምህርት በየቴሌግራም ቻናሉ ይደጋገማል፤ የሚሸጠውም ምስጢር እየተባለ ነው።

ምስጢር የተባለውን ኢንገልፊንግ እንየው። ሁለተኛው ካንድል ከመጀመሪያው ተቃራኒ ቀለም ይኖረዋል፣ አካሉም የመጀመሪያውን አካል ይውጣል። ይህ ቅርጽ ከጃፓን ወደ ምዕራቡ ዓለም በሰፊው የገባው ስቲቭ ኒሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እዚያ የተገለጸው በየማታው በሚዘጋና በማግስቱ በሌላ ዋጋ ሊከፈት በሚችል ገበያ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ሁለተኛው ካንድል የመጀመሪያውን እንዲውጥ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። ከትናንቱ መዝጊያ አልፎ መክፈት አለበት፤ ከዚያ ዞሮ ከትናንቱ መክፈቻ አልፎ መዝጋት አለበት። ሻጮች ወይም ገዢዎች ሌሊቱን ሐሳባቸውን ገፍተው ከፍተው፣ ቀን ላይ ሙሉ በሙሉ ተሸንፈዋል ማለት ነው። ይህ በእርግጥ መልእክት ያለው ነገር ነው።

ፎሬክስ ግን ከእሑድ ሌሊት እስከ ዓርብ ሌሊት አይዘጋም። አንዱ ካንድል የሚከፈተው ያለፈው በዘጋበት ዋጋ ወይም ከዚያ በጥቂት ነጥብ ተለይቶ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ መስፈርቶች አንዱ ያለ ምንም ትግል ተሟልቶ ይጠብቃል። የቀረው ነገር ሁለተኛው ካንድል ቀለሙ እንዲለወጥና አካሉ ከፊተኛው በጥቂቱ እንዲበልጥ ብቻ ነው። አሁን ገበያውን እንርሳና ዋጋውን በሳንቲም ውርወራ እናንቀሳቅሰው። ቀጣዩ ካንድል ተቃራኒ ቀለም የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው። አካሉ ካለፈው የመብለጥ ዕድሉም ግማሽ ነው። የግማሽ ግማሽ ሩብ ነው። ማንም ገዢና ሻጭ በሌለበት፣ ምንም ዜና ባልተሰማበት፣ በጭፍን ዕጣ ብቻ ከአራት ካንድሎች አንዱ ኢንገልፊንግ ይሆናል። በአንድ ሰዓት ቻርት ላይ EURUSD በቀን 24 ካንድሎች አሉት። በዕጣ ብቻ በቀን ስድስት፣ በሳምንት ሠላሳ ኢንገልፊንግ ይወጣል ማለት ነው።

ለዚህ ቅርጽ ነው «ባንኮች ገቡ» እየተባለ የሚተረከው። ሳንቲም ወርውሬ የማገኘውን ነገር የትላልቅ ባንኮች አሻራ ነው ብሎ ለተማሪ መሸጥ አይገባም። እውነተኛው ገበያ ሳንቲም አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ግን ቅርጹ ብቻውን እውነተኛውን ከሳንቲሙ አይለይልህም። የሚለየው በዙሪያው ያለው ነው፤ አሰልጣኙ አትይ ያለው እሱን ነው።

የሚገርመው ደግሞ ኒሰን ራሱ ይህን አላለም። በእሱ አቀማመጥ የኢንገልፊንግ የመጀመሪያው መስፈርት ከቅርጹ በፊት በግልጽ የሚታይ መውጣት ወይም መውረድ መኖሩ ነው፤ አጭርም ቢሆን። የሚገለበጥ ነገር ከሌለ መገልበጥ የለም። ስለ ዶጂም ሲጽፍ ትርጉም የሚኖረው ዶጂ በማይበዛበት ገበያ ላይ ነው ብሏል፤ በየቦታው ዶጂ በሚታይበት ቻርት ላይ አንድ ተጨማሪ ዶጂ ምንም አይናገርም። ካንድል የዋጋ ኢላማ እንደማይሰጥም አስጠንቅቋል። አሰልጣኞቻችን ሥዕሉን ከመጽሐፉ ወስደው ማስጠንቀቂያውን እዚያው ትተውታል።

«እኛ እኮ ኪይ ሌቭል ላይ ነው ያልነው» ይሉኛል። ይህን መልስ አውቀዋለሁ፤ በተማሪው ቻርት ላይ ኪይ ሌቭሎቹን ቆጥሬ ስለማየው አያሳምነኝም። የትናንት ከፍታና ዝቅታ፣ ያለፈው ሳምንት ከፍታና ዝቅታ፣ የወሩ፣ ክብ ቁጥሮች፣ የፊቦናቺ መስመሮች፣ በላዩ ላይ ሁለትና ሦስት ባለ ቀለም ሳጥን። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ከተሰመረ ዋጋው የትም ቢቆም አንዱ መስመር ላይ ነው። በቀን ስድስት ኢንገልፊንግ በዕጣ የሚወጣበትን ቻርት አሥር መስመር ብታሰምርበት፣ «ኪይ ሌቭል ላይ የወጣ ኢንገልፊንግ» የማታገኝበት ቀን አይኖርም። ሁኔታው ማጣሪያ ሊሆን የሚችለው መስመሩ ጥቂት ሲሆንና ዋጋው ከመድረሱ በፊት ሲሰመር ነው። ከካንድሉ በኋላ የተሰመረ መስመር ካንድሉን አያጸድቀውም።

ግን እንበልና ሁሉም ተሟልቷል። መስመሩ ማንም የማይክደው ነው፣ ቅርጹም የመጽሐፍ ነው። ያኔስ «ሌላ ምንም አትይ» ይሠራል? እንዲህ ያለ ቀን በወርቅ ላይ ነበረ፤ XAUUSD ከኢትዮጵያ ትሬደሮች ስልክ ስለማይጠፋ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ዓርብ ኅዳር 21 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1, 2023፣ የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ጀሮም ፓወል ንግግር አደረጉ። ገበያው የሰማው የወለድ ጭማሪው ሊያበቃ መሆኑን ነው። ወርቅ ከ2,036 ዶላር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,072 ተጠግቶ ዘጋ። ይህ ዋጋ ተራ ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 እና በሜይ 2023 ወርቅ ሁለት ጊዜ 2,075ና 2,080 አካባቢ ደርሶ የተመለሰው እዚሁ ነው። ሦስት ዓመት የቆየ ጣሪያ ነው። ኪይ ሌቭል የሚለውን ስም የሚገባው መስመር ካለ ይህ ነው።

ሰኞ ኅዳር 24 ገበያው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ወርቅ ሽቅብ ተተኩሶ ወደ 2,135 ደረሰ፤ እስከዚያ ቀን ታይቶ የማይታወቅ ዋጋ ነው። ከዚያ ተገልብጦ ሲወርድ ዋለና ወደ 2,030 ተጠግቶ ዘጋ። የቀኑ ካንድል ቀይ ሆነ፣ የዓርብን አረንጓዴ አካል ዋጠ፣ አናቱም ላይ ረጅም ጭራ ተከለ። በሦስት ዓመት ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ቤሪሽ ኢንገልፊንግ! በደብተሩ ላይ ከተሳለው ሥዕል የበለጠ ያማረ ነው። በደብተሩ ትእዛዝ መሠረት ሌላ ምንም ሳናይ ሸጠን መግባት ነው።

እንግባ። 2,030 ላይ ሸጥን። ስቶፕ ሎስ በቅርጹ ሕግ ከካንድሉ አናት በላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ 2,135ን አልፎ ነው። የምንወስደው አደጋ ወደ 105 ዶላር ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ወርቅ በእርግጥ ወረደ። ረቡዕ ታኅሣሥ 3 ወደ 1,973 ደረሰ። እስከዚያ ያገኘነው፣ ሥሩ ላይ በትክክል ብንዘጋ እንኳ፣ 57 ዶላር ነው። ከአደጋችን በጥቂቱ ከግማሽ የሚበልጥ ነው። አደጋችንን ያህል እንኳ ለማትረፍ 1,925 መድረስ ነበረበት፤ አልደረሰም። በዚያው ረቡዕ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ባለበት አቆየው፤ የአባላቱም ትንበያ በ2024 ውስጥ ሦስት ያህል ቅናሽ እንደሚጠበቅ አሳየ። ወርቅ በአንድ ምሽት ሃምሳ ዶላር ያህል ተመልሶ ካንድሉ የዘጋበት ዋጋ አጠገብ ቆመ። በየካቲት 26 ደግሞ የ2,135ን ጣሪያ ሰብሮ አለፈ፤ ስቶፕ ሎሳችን ተመታ። በሚያዝያ መጀመሪያ 2,400ን ተሻገረ።

«57 ዶላር ወርዷል፣ ሠርቷል» የሚለኝ አሰልጣኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ ስክሪንሾቱንም የሚለጥፈው ከታኅሣሥ 3 በኋላ ያለውን ቆርጦ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ልጁ ነው። ወርቅ ላይ አንድ ሎት 100 አውንስ ነው፤ ብዙ ብሮከሮች የሚፈቅዱት ትንሹ 0.01 ሎት ደግሞ አንድ አውንስ ነው። አንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ አንድ ዶላር ነው። ስቶፕ ሎሱ 105 ዶላር ርቀት ላይ ከሆነ መቶ ዶላር የያዘው ልጅ በትንሹ ሎት እንኳ ስቶፑ ሳይደርስ አካውንቱ ያልቃል። ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ስቶፑን ወደ 20 ዶላር ያጠብበዋል። ያኔ ግን ስቶፑን የወሰነው ካንድሉ ሳይሆን ኪሱ ነው፤ ቅርጹ ምንም አልመሰከረለትም። የአካውንቱ መጠን እንኳ የሁኔታው አካል ነው፤ ሥዕሉ ላይ ግን የለም። ብር በሐምሌ 2016 ተንሳፍፎ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከመቶ ካለፈ ወዲህ ያ መቶ ዶላር ለደጋን ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለአሰልጣኙ መንገር አያስፈልግም፤ ራሱ ያውቃል።

ታዲያ ቅርጹ የደበቀው ምን ነበር? ረጅሙ ጭራ የተሠራበትን ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለንደን ተኝታለች፣ ኒውዮርክም ገና እሑድ ማታ ላይ ናት። ገበያው ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ትእዛዝ ዋጋውን ሩቅ ሊገፋው ይችላል። ከአሮጌው ጣሪያ በላይ ደግሞ የቀድሞ ሻጮች ስቶፖች ይከማቻሉ፤ ዋጋው ጣሪያውን ሲነካ እነዚያ ስቶፖች ራሳቸው የግዢ ትእዛዝ ሆነው ሽቅብ ይጎትቱታል። በባቲ የሰኞ ገበያ ጎህ ሳይቀድ አንድ ግመል እጅግ በውድ ዋጋ ተሸጠ ቢባል፣ አፋሩም ወሎዬውም መጥቶ ገበያው እስኪሞላ ድረስ ማንም ያን የቀኑ ዋጋ ነው አይልም። የዕለቱ ካንድል ግን ያንን የሌሊት ዋጋና የቀኑን ዋጋ አንድ ላይ ሰፍቶ አንድ ሥዕል አድርጎ ይሰጥሃል። «ሻጮች ከ2,135 ደፈቁት» ብለህ ታነበዋለህ፤ 2,135 ላይ ግን ቀድሞውንም በቂ ገዢ አልነበረም።

ሁለተኛው የተደበቀው ነገር ደግሞ ዓርብ የነበረው ነው። ወርቅን ወደ ጣሪያው ያመጣው የወለድ ተስፋ ነበር፤ ሰኞ ያ ተስፋ አልተሻረም። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ስብሰባው እንደሚመጣ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቀይ ካንድል ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር፦ ዋጋውን እዚህ ያደረሰው ምክንያት ሞቷል ወይ? ካልሞተ፣ የሸጥኩት በጉዞ መካከል ያለ ዕረፍት ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመጠየቅ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የስብሰባዎቹ ቀን ከብዙ ሳምንታት በፊት ይታወቃል፣ በነጻም ይገኛል።

ዶጂ ላይ ነገሩ ይብሳል። መክፈቻና መዝጊያ ዋጋው እኩል ሲሆን ዶጂ ይባላል፤ አሰልጣኞቹም «ገዢና ሻጭ ተፋጠዋል» ብለው ይተረጉሙታል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን የሚፋጠጥ ሰው የለም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ያሉ የአንድ ሰዓት ካንድሎችን ተመልከቱ፤ በዶጂ የተሞሉ ናቸው። የኒውዮርክ ቀን ያበቃበትና እስያ ገና የምትሟሟቅበት ሰዓት ነው፤ ስፕሬዱም ይሰፋል። አሜሪካ የሥራ ቅጥር መረጃ በምታወጣበት ዓርብ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በፊት፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ተኩል በፊት፣ ትላልቆቹ እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ፤ ዶጂ በዶጂ ላይ ይደረደራል። ያ ዶጂ ኪይ ሌቭል ላይ ቢያርፍ እንኳ የሚናገረው «ሁሉም ሰው ሰዓቱን እያየ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የገባ ልጅ መረጃው በወጣበት ደቂቃ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚመታ አያውቅም።

እንዲያውም አንዳንድ ዶጂ በገበያው ውስጥ የለም። ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች ሁለት የተለያየ ብሮከር ከፍተው ቢቀመጡ በዕለታዊ ቻርታቸው ላይ ሁለት የተለያየ ሥዕል ሊያዩ ይችላሉ። የአንዱ ብሮከር ሰርቨር ቀኑን የሚዘጋው በኒውዮርክ መዝጊያ ነው፤ በእኛ ሰዓት እንደየወቅቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት። የእሱ ሳምንት አምስት ካንድል አለው። የሌላው ሰርቨር የሚሄደው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሚዘጋው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ገበያው እሑድ ማታ ሲከፈት በዚህ ሰርቨር ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚኖር የእሑድ ካንድል ይወለዳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዋጋው ብዙም ስለማይራመድ ያ ካንድል ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ዶጂም ይመስላል። የሰኞው ካንድልም ሲመጣ ይውጠዋል። ዶጂ፣ ከዚያ ኢንገልፊንግ! አንዱ ልጅ ሁለት «ምልክት» አየ፤ ጓደኛው ምንም አላየም። የተሸጠውም የተገዛውም ግን አንድ ነው። የአራት ሰዓት ካንድሎችም ይህ ዕጣ አላቸው፤ ሰርቨሩ አንድ ሰዓት ሲንሸራተት ቅርጾቹ ይለወጣሉ። እውነት በቅርጹ ውስጥ ቢኖር ኖሮ በሰዓት ቆጣሪ አይጠፋም ነበር።

ቅርጾቹ እርስ በርስ «ያረጋግጣሉ» መባሉም ያናድደኛል። አንድ ቀይ ካንድል ከ2,030 ተነሥቶ 2,024 ላይ ዘጋ እንበል። ተከታዩ ከ2,024 ተነሥቶ እስከ 2,020 ወርዶ 2,033 ላይ ዘጋ። ቡሊሽ ኢንገልፊንግ ነው። ሁለቱን ወደ አንድ ካንድል ብናዋህዳቸው መክፈቻው 2,030፣ ዝቅታው 2,020፣ መዝጊያው 2,033 ይሆናል፤ ከታች ረጅም ጭራ ያለው ሐመር። ተማሪው በአንዱ ታይምፍሬም ኢንገልፊንግ፣ በሌላው ሐመር አይቶ «ሁለት ማረጋገጫ አገኘሁ» ብሎ ሎቱን ይጨምራል። ያገኘው ግን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነው።

አኀዝ የሚጠቅሱም አሉ፤ «ቤሪሽ ኢንገልፊንግ 79 በመቶ ይሠራል» የሚሉ። ቁጥሩ የቶማስ ቡልኮውስኪ ነው። ጥቅሱ ግን የተቆረጠ ነው። በእሱ አቆጣጠር ቅርጹ «ገለበጠ» የሚባለው ዋጋው ከካንድሉ ዝቅታ በታች ከዘጋ ነው። ቤሪሽ ኢንገልፊንግ ደግሞ በባሕርዩ የሚዘጋው ዝቅታው አጠገብ ነው። ጥቂት ከወረደ በቂ ነው፤ ወደ ላይ ግን ሙሉ ካንድሉን መውጣት አለበት። ቅርብ ያለውን በር ከሩቁ ቀድሞ መንካቱ ነው 79 በመቶ የሆነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ይጓዛል በሚለው ሲለካ ራሱ ቡልኮውስኪ ይህን ቅርጽ ከዘረዘራቸው ከመቶ በላይ ቅርጾች መካከል ወደ ግርጌው አስቀምጦታል። በወርቁ ላይ ያየነውም ይህንኑ ነው፤ ትንሽ ወረደ፣ ተቆጠረ፣ ከዚያ ተመለሰ። የኒውዚላንዶቹ ተመራማሪዎች ማርሻል፣ ያንግና ሮዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በዳው ጆንስ ውስጥ ባሉ አክሲዮኖች ላይ፣ ከ1992 እስከ 2002 ባለው ዋጋ፣ የካንድል ሕጎችን ፈትነው ከዕጣ የተሻለ ትርፍ አላገኙባቸውም። ወርቅ አክሲዮን አይደለም፤ ግን «አይዋሽም» የሚባል ቅርጽ ቢኖር ኖሮ እዚያም ጥላው በታየ ነበር።

ይህ ነገር በፎሬክስ ብቻ እንደማይቆም ያሳስበኛል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። በአዲስ ገበያ የአንድ ባንክ አክሲዮን በአንድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሊሸጥ ይችላል። ያኔ መክፈቻው፣ ከፍታው፣ ዝቅታውና መዝጊያው አንድ ዋጋ ነው፤ ፍጹም ዶጂ ነው። ማንም ከማንም ጋር አልተፋጠጠም፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ሸጠ። ያንን ዶጂ «ገበያው ሊዞር ነው» ብሎ የሚያስተምር ሰው እንደሚመጣ አልጠራጠርም፤ ደብተሩ ተዘጋጅቶለታልና።

ካንድል አታንብቡ አልልም። ዋጋው የትኛው ሰዓት ላይ የት እንደነበር የሚያሳይ ጥሩ መዝገብ ነው። የምለው መነበብ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ዋጋው ከየት እንደመጣና በምን ምክንያት እንደመጣ፤ ቀጥሎ መስመሩ ዋጋው ሳይደርስ የተሰመረ መሆኑ፤ ከዚያ ካንድሉ የተሠራበት ሰዓት ሰው የነበረበት መሆኑ፣ ከፊትስ ምን ዜና እንዳለ፤ ከዚያ ከመግቢያው እስከ ስቶፑና እስከሚቀጥለው እንቅፋት ያለው ርቀት ሲነጻጸር። እነዚህ ሁሉ መልስ ካገኙ ኢንገልፊንጉ የመግቢያ ደቂቃን ሊመርጥ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አይ» ካለ ቅርጹ ምንም ያህል ቢያምር አያድነውም። ለንደን ከተከፈተች በኋላ፣ በእኛ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ወዲህ፣ ዋጋው ቀድሞ በታወቀ ዝቅታ ሥር ገብቶ ተመልሶ ሲዘጋ የሚወጣ ኢንገልፊንግና፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በክልሉ መሐል የሚወጣ ኢንገልፊንግ በሥዕል መንታ ናቸው። መንታ ብሎ ያስተማረ አሰልጣኝ ግን ልጁን ያስከፍለዋል።

አሰልጣኞቹ ይህን ሁሉ ለመካድ አንድ ቀላል መንገድ አላቸው፤ እንዲሄዱበት እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በተማሪዎቻቸው ፊት ያለፈውን አንድ ወር የ EURUSD የአንድ ሰዓት ቻርት ይክፈቱ። የቀኝ ጎኑን በወረቀት ሸፍነው ካንድል በካንድል ይግለጡ፤ መስመሮቹን ከመግለጣቸው በፊት ያስምሩ። ኢንገልፊንግም ዶጂም በወጣ ቁጥር ሳይመርጡ ሁሉንም ይመዝግቡ፤ መግቢያውን፣ ስቶፑን፣ ስፕሬዱን ጨምረው። በወሩ መጨረሻ ይደምሩት፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ «ሌላ ምንም አትይ» የሚለውን ድጋሚ ያስጽፉ እንደሆነ ተማሪዎቹ ይንገሩኝ።